ከዘመን ዝማኔ፦ አማርኛ የኮምፒዩተር ቃላቱን ሲወልድ

የስልኩን ቋንቋ ወደ አማርኛ የቀየረ ሰው ብዙ ሳይቆይ «ዝማኔ» ከሚል ቃል ጋር ይገናኛል። ቤት ውስጥም ሆነ ሥራ ቦታ ሲነገር ላይሰማው ይችላል፤ በየመንደሩ ያሉ ስልክ ጠጋኞች እንኳ «አፕዴት አድርገው» ነው የሚሉት። ቢሆንም ቃሉ ጨርሶ ባዕድ አይሆንበትም። ውስጡ «ዘመን» አለ። አወጣጡም ከሚያውቃቸው ቃላት ጋር ይገጥማል፤ «ወሰነ» ያለ «ውሳኔ» ይላል፣ «ተነተነ» ያለ «ትንታኔ» ይላል። «አዘመነ» የሚለውን የሚያውቅ ሰው «ዝማኔ»ን ሲያይ አንድ ነገር ከአሮጌው ወደ አዲሱ እንደሚሸጋገር ማንም ሳያስረዳው ይገምታል።

አማርኛ ይህን የሚያደርግበት መሣሪያ ጥንታዊ ነው። የቃሉ ሥር ጥቂት ተነባቢዎች ናቸው፤ ትርጉሙን የሚያሰፉት በመካከላቸው የሚገቡት አናባቢዎችና በፊትና በኋላ የሚጨመሩት ፊደላት ናቸው። «ከፈተ» የሚለውን ብንወስድ ከዚያው ሥር ከፋች፣ መክፈቻ፣ ክፍት፣ ክፍተት፣ አከፋፈት ይወጣሉ። ከፋች የሚያደርገው ነው፤ መክፈቻ የሚደረግበት ዕቃ ነው፤ ክፍት ሁኔታው ነው። ይህን ሥርዓት ማንም ልጅ ትምህርት ቤት ሳይገባ ያውቀዋል። ስለዚህ አዲስ ቃል የሚያወጣ ሰው ትክክለኛውን ሥር ከመረጠ ቀሪውን ሥራ ተናጋሪው ራሱ ይጨርሰዋል።

ይህ ሥራ በስፋት የተጀመረው ፊደሉ ኮምፒዩተር ላይ ቦታ ካገኘ በኋላ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ወጥቶ በነበረው የዩኒኮድ 3.0 ስሪት ውስጥ ተካተተ። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ፊደላቱን የሚያስቀምጥበት የራሱ ቁጥር ስለነበረው፣ በአንዱ የተጻፈ በሌላው ሲከፈት ምልክት ብቻ ሆኖ ይታይ ነበር። ፊደሉ አንድ መደበኛ ቁጥር ሲያገኝ፣ ቀጥሎም እንደ «ኒያላ» ያሉ የፊደል ቅርጾች ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር አብረው ሲመጡ፣ ቁም ነገሩ ከፊደል ወደ ቃል ተሸጋገረ። በእንግሊዝኛ በሺህ የሚቆጠሩ ትእዛዛትና ስሞች ተዘርግተው አማርኛቸውን ይጠብቁ ነበር።

መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ የማሽኑ የራሱ ስም ነው። ዕብራይስጥ ኮምፒዩተርን «ማሕሼቭ» ይለዋል፤ ዐረብኛ ደግሞ «ሓሱብ» የሚል ቃል አውጥቶለታል። ሁለቱም ከአንድ ሴማዊ ሥር የተወለዱ ናቸው፤ ያ ሥር ግእዝ ውስጥ «ሐሰበ» ነው፤ አማርኛ ውስጥ ደግሞ «አሰበ»፣ «ሐሳብ» እና «ሒሳብ» ሆኖ በየቀኑ ይነገራል። አማርኛም በዚሁ መንገድ ቢሄድ «ማሰቢያ» ይል ነበር። ነገር ግን «ማሰቢያ» ሲባል ሰው የሚያየው የገዛ ጭንቅላቱን ነው፤ «ማሳሰቢያ» ከሚለው ጋርም ለመምታታት ቅርብ ነው። ኮምፒዩተር ኮምፒዩተር ሆኖ ቀረ፤ ይህም ጉዳት አይደለም። ለዚህ አስረጂው ስልክ ነው። «ስልክ» የዐረብኛ ቃል ሲሆን ትርጉሙ ሽቦ ነው፤ ስሙ ተዋሰ፤ ድርጊቱ ግን ከአገር ቤቱ «ደወል» ወጥቶ «ደወለ» ሆነ። ዛሬ ደወለ፣ ተደዋወለ፣ አስደወለ፣ ደዋይ፣ አደዋወል እያልን ስንናገር ከውጭ የመጣ ነገር ያለ አይመስለንም።

ዕቃው የውጭ ስሙን ይዞ ቢመጣ ቋንቋው ብዙም አይቸገርም። የሚቸገረው ድርጊቱ ሳይተረጎም ሲገባ ነው። የአማርኛ ግሥ በውስጡ ማን፣ ለማን፣ መቼ፣ ስንት ጊዜ የሚሉትን ሁሉ ይይዛል። «ዳውንሎድ» ይህን መሸከም ስለማይችል ሁልጊዜ «አደረገ» የሚል ደጋፊ ይፈልጋል። «ማውረድ» ግን ራሱን ችሎ ይሄዳል፦ አወረደው፣ ወረደለት፣ አልወረደም፣ እየወረደ ነው፣ ያወረድኩት ፋይል። በተለይ «አልወረደም» የሚለውን ልብ ይሏል። ስህተቱን ማንም ላይ ሳይጭን ነገሩ ሳይሆን መቅረቱን ብቻ ይናገራል፤ የማሽን መልእክት ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። «ጠቅ ማድረግ» በዚህ ረገድ የተለየ ነው። እሱም «አደረገ»ን ይዟል፤ ነገር ግን «ጠቅ» እንደ «ብድግ»፣ «ቁጭ»፣ «ዞር» ሁሉ አማርኛ ራሱ ለፈጣን ድርጊት ያዘጋጀው አገላለጽ ነው። በጣት ወይም በጫፍ መንካትን ለመግለጽ ቀድሞም ስለነበረ የኮምፒዩተሩ ሥራ ላይ ሲውል ማንም አልተደናገረም።

ሁለተኛው መንገድ ቃላትን ማጣመር ነው፤ አማርኛ ደግሞ ይህን በሁለት ዓይነት ያደርገዋል። አንደኛው የራሱ ነው፤ «የ» ከፊት ይገባና ዋናው ቃል መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። የቁልፍ ሰሌዳ፣ የይለፍ ቃል፣ የተጠቃሚ ስም የወጡት እንዲህ ነው። «የይለፍ ቃል» በተለይ የተዋጣለት ነው፤ በር ላይ የቆመ ጠባቂ «ይለፍ» የሚልበትን ሁኔታ በቀጥታ ያሳያል። ሁለተኛው ከግእዝ የተወረሰው ነው። የመጀመሪያው ቃል መጨረሻ ወደ ግእዝ ድምፅ ይለወጥና ዋናው ቃል ከፊት ይሆናል። ቤተ መንግሥት የመንግሥት ቤት ነው፤ መዝገበ ቃላት የቃላት መዝገብ ነው። አውታረ መረብና ስልተ ቀመር የተሠሩት በዚህ ሥርዓት ነው።

ስልተ ቀመር ትንሽ ቆም ብለው ሊያዩት የሚገባ ቃል ነው። ደረጃ በደረጃ ተከትለውት ወደ መልስ የሚያደርስ የስሌት መንገድ ለኢትዮጵያውያን ሊቃውንት አዲስ ነገር አልነበረም። ባሕረ ሐሳብ የተባለው የዘመን አቆጣጠር ትምህርት ይህንኑ ሲያደርግ ኖሯል፤ «ቀመር» የሚለውም የዚያ ትምህርት ቃል ነው፤ 19 ዓመቱ ንኡስ ቀመር፣ 532 ዓመቱ ዓቢይ ቀመር ይባላል። የ2017 ዓ.ም. አበቅቴና መጥቅዕ ሲወጣ ይህን ይመስላል። ለ2017 5500 ይጨመርና 7517 ይሆናል። ይህ ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል። ከ12 አንድ ሲቀነስ 11 ይሆናል፤ ይህ ወንበር ነው። ወንበሩ በ11 ሲባዛ 121፣ ያም ለ30 ሲካፈል 1 ይተርፋል፤ ይህ አበቅቴ ነው። ወንበሩ በ19 ሲባዛ 209፣ ያም ለ30 ሲካፈል 29 ይተርፋል፤ ይህ መጥቅዕ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 መምጣቱ ስሌቱ ትክክል ለመሆኑ ማረጋገጫ ነው። ግቤት አለው፣ ቅደም ተከተል አለው፣ ውጤት አለው፣ ማረሚያም አለው። የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጸሐፊ ከዚህ የተለየ ነገር አይሠራም። ስለዚህ ስልተ ቀመር የሚለው ጥምር ቃል የተሠራው ከሚገባው ቦታ በመጣ ድንጋይ ነው።

ድረ ገጽ ግን ብዙ አሳር አይቷል። «ድር» ሸረሪት የምታደራው፣ ሸማኔም ከማግ ጋር የሚያጣምረው ነው። «ገጽ» ደግሞ የመጽሐፍ ገጽ ነው። ሁለቱ ተጣምረው ድረ ገጽ ሆኑ። ችግሩ «ድረ» ብቻውን ጆሮ ውስጥ ያልተለመደ መሆኑ ነው፤ «ድኅረ» ግን ድኅረ ምረቃ፣ ድኅረ ጦርነት በሚሉት ውስጥ ተለምዷል። ስለዚህ ብዙ ጋዜጦች፣ የመሥሪያ ቤት ማስታወቂያዎችና የንግድ ካርዶች «ድህረ ገጽ» ብለው ይጽፋሉ። «ድኅረ» ማለት «በኋላ» ነው፤ «ድህረ ገጽ» እንግዲህ «ከገጽ በኋላ» ሆነ ማለት ነው። ይህ አጻጻፍ ስህተት ነው፤ ብዙ ሰው ስለጻፈውም ትክክል አይሆንም።

ስህተቱ ግን ከየት እንደመጣ ማየት ይጠቅማል። በግእዙ ሥርዓት ዋናው ቃል ከፊት መሆን አለበት። ቤተ መንግሥት ቤት እንጂ መንግሥት አይደለም። በዚህ ሕግ «ድረ ገጽ» የሚናገረው ስለ ድር ነው፤ የገጽ ድር። የተፈለገው ግን ገጽ ነው፤ የድር ገጽ። ሥርዓቱን የጠበቀው «ገጸ ድር» ነበር። ቃሉን ያወጡት ሰዎች የግእዙን ቅርጽ ይዘው የእንግሊዝኛውን ቅደም ተከተል ተከተሉ። ውጤቱም ተናጋሪው ውስጡን ሊያየው የማይችል ቃል ሆነ፤ ውስጡ ያልታየ ቃል ደግሞ በአጠገቡ ወዳለው የለመደው ቃል ይንሸራተታል። ድረ ወደ ድኅረ የተንሸራተተው በዚህ ነው።

ይህ የሰዋስው ሊቃውንትን ብቻ የሚመለከት ጉዳይ አይደለም። የመጀመሪያው ክፍል ድረ፣ ድህረ ወይም ድኅረ ተብሎ ይጻፋል፤ ሁለተኛው ገጽ ወይም ገፅ፤ በመካከላቸው ባዶ ቦታ ይኖራል፣ ወይም ጭረት፣ ወይም ይገጥማሉ። ሦስት በሁለት በሦስት ሲባዛ አንድ ቃል በ18 መልክ ሊጻፍ ይችላል ማለት ነው። ለሰው ዓይን 18ቱም አንድ ናቸው። ፊደሉን በቁጥር ለሚያነብ ኮምፒዩተር ግን 18 የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ አንዱን የፈለገ ሰው ሌላውን የያዘውን ጽሑፍ ላያገኘው ይችላል። ጥምር ቃል የሚያወጣ ሰው ከትርጉሙ ጋር አጻጻፉንም አብሮ መወሰን ያለበት ለዚህ ነው።

ወደ ሥሩ እንመለስ። በዚህ መንገድ ከወጡት ቃላት ሁሉ የተዋጣለትን ምረጡ ቢባል «ምስጠራ» ሊቀድም ይገባል። አንድ መልእክት በመንገድ ላይ ያገኘው ሰው እንዳያነበው ፊደላቱን በቁልፍ አማካይነት ወደማይነበብ ነገር መለወጥ ነው። ቃሉ የመጣው ከ«ምስጢር» ነው፤ ምስጢር ራሱ ከግሪክ ወደ ግእዝ የገባ ነው፤ ነገር ግን ከብዙ ዘመን ጀምሮ ቤተኛ ስለሆነ ቋንቋው ተነባቢዎቹን መ፣ ሰ፣ ጠ፣ ረ ብሎ እንደ ሥር ይይዛቸዋል። «መረመረ» ያለ «ምርመራ» ይላል፤ «መነጠረ» ያለ «ምንጠራ» ይላል፤ «መሰጠረ» ያለም «ምስጠራ» ይላል። ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ በራሱ ይበዛል፦ የተመሰጠረ መልእክት፣ መመስጠሪያ ቁልፍ፣ አልተመሰጠረም፣ አመሰጣጠር። ተቃራኒውንም አዲስ ቃል ፍለጋ መውጣት አላስፈለገም፤ አማርኛ ምስጢርን ሁልጊዜ «ይፈታል»። እንቆቅልሽ ይፈታል፣ ሕልም ይፈታል፣ ቅኔ ይፈታል፤ የተመሰጠረ ጽሑፍም ይፈታል።

ከምስጠራ አጠገብ «ውሂብ»ን ማስቀመጥ ያስተምራል። «ዳታ» የሚለው የላቲን ቃል ትርጉሙ «የተሰጡ ነገሮች» ነው። ግእዝ መስጠትን «ወሀበ» ይላል። ቃሉን ያወጣው ሰው የላቲኑን ሐሳብ በግእዝ ሥር ሲደግመው ውሂብ ተገኘ። ዘሩ የተከበረ ነው፤ «ሀብት» የወጣው ከዚሁ ሥር ነው፤ ሀብተ ማርያም፣ ሀብተ ወልድ የሚሉት ስሞች ስጦታ ማለታቸው ከዚህ ነው። ነገር ግን ሁለት ነገር ይጎድለዋል። አንደኛው ቅርጹ ነው፤ በግእዝ «ውሂብ» መስጠት ነው፤ የተሰጠው «ውሁብ» ነው። ሁለተኛውና ዋናው የዛሬው አማርኛ «ወሀበ» አለማለቱ ነው፤ «ሰጠ» ነው የሚለው። ስለዚህ ተናጋሪው ውሂብን ሲሰማ መስጠት ትዝ አይለውም፤ ይልቅስ «ውህደት» እና «ውሁድ» ይመጡበታል። «የሞባይል ውሂብ አብራ» የሚል ጽሑፍ ስልኩ ላይ እያነበበ እንኳ ለጓደኛው «ዳታህን ክፈት» ይለዋል።

ውሂብ ከንቱ ነው ማለት ግን አይደለም። «መረጃ» የሚለው ቃል ገና ያልተተነተነውን ቁጥርም፣ ከትንተና በኋላ የተገኘውን ዕውቀትም በአንድ ላይ ሲሸከም ቆይቷል። የስታቲስቲክስ ወይም የኮምፒዩተር መምህር ሁለቱን መለየት ሲፈልግ ውሂብ ይጠቅመዋል፤ በክፍል ውስጥ አንድ ጊዜ ከተብራራ በኋላም ይሠራል። የሚደክመው መብራሪያ በማያገኝበት ቦታ፣ በስልክ ማያ ገጽ ላይ ነው። ሥሩ በዛሬው ንግግር ውስጥ በሕይወት ያለ ቃል ራሱን ያስረዳል፤ ሥሩ በግእዝ ብቻ የቀረ ቃል አስረጂ ይፈልጋል። ሁለቱን ለመለየት መዝገበ ቃላት ማገላበጥ ብቻ አይበቃም። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዝ መዝገበ ቃላት ሥሩ መኖሩን ይነግራል፤ ሥሩ ዛሬ በአፍ ላይ መኖሩን ግን የሚነግረው ገበያው ነው።

ሌላው ብዙ ቃላት የሚወድቁበት ጉድጓድ ቦታው ቀድሞ የተያዘ መሆኑ ነው። «መለያ» ጥሩ ምሳሌ ነው። ከ«ለየ» የወጣ፣ ቅርጹም እንከን የሌለበት ቃል ነው። ሆኖም በአንድ ስልክ ውስጥ የኢሜይል አካውንት መለያ ይባላል፤ በመልእክት ላይ የሚለጠፈው ምልክትም መለያ ነው፤ መታወቂያ ቁጥርም መለያ ነው። ኳስ ለሚወድ ሰው ደግሞ መለያ የሚወደው ቡድን ማልያ ነው። «መለያዎን ይሰርዙ» የሚል ትእዛዝ ሲመጣ የሚጠፋው ትንሽ ምልክት ይሁን ወይስ የዓመታት ደብዳቤና ፎቶግራፍ ያለበት አካውንት፣ ከቃሉ ብቻ ማወቅ አይቻልም። አካውንቱን «አካውንት» ብሎ መተው ከዚህ ይሻል ነበር።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ያለፈ አንድ ቃል ይዞ እስከ መጨረሻው መሄድ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ያሳያል። ባለሙያዎች «ሲንክ» የሚሉትን እንውሰድ። አንድ ሰው ስልክ ቁጥሮቹን በስልኩም በኮምፒዩተሩም ይዟል። ስልኩ ላይ አንድ ቁጥር ሲለውጥ ኮምፒዩተሩም ይለውጣል፤ ኮምፒዩተሩ ላይ ሲጨምር ስልኩም ይጨምራል። በአንዳንድ የስልክና የአሳሽ ገጾች ላይ ይህ «ስምረት»፣ ትእዛዙም «አስምር» ተብሏል፤ ከ«ሰመረ»፣ ነገሩ ተሳካ ወይም ተስማማ ከሚለው። ሐሳቡ ያምራል። ግን «አስምር» የተባለ ተማሪ እርሳስና ማስመሪያ ነው የሚያነሳው። ያም ብቻ አይደለም፤ የጽሑፍ ፕሮግራም ውስጥ ከቃል ሥር መስመር ማስመር የሚባል ትእዛዝ ስላለ ሁለቱ እዚያው ኮምፒዩተር ላይ ይጋጫሉ።

ሌላ ቃል ሲፈለግ መጀመሪያ የሚመጣው «ማመሳሰል» ነው። ሁለቱን አንድ ዓይነት ማድረግ ስለሆነ ትርጉሙ ይቀርባል፤ ነገር ግን «ተመሳስሎ የተሠራ» ሲባል ሐሰተኛ ገንዘብ፣ ሐሰተኛ ማኅተም ነው የሚታሰበው። «የተመሳሰለ ፋይል» የሚል ጽሑፍ ያየ የሂሳብ ሠራተኛ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። «ማቀናጀት» ቀጥሎ ይመጣል፤ እሱ ግን የተለያዩ ክፍሎችን አያይዞ አንድ ሥርዓት ማድረግ ነው፤ ሁለት ዝርዝሮች እኩል መሆናቸውን አይናገርም።

በመሥሪያ ቤቶች ስብሰባ ግን ዘወትር የሚሰማ አንድ ግሥ አለ፦ «መናበብ»። ሁለት ክፍሎች ተናበው ካልሠሩ አንዱ የቆፈረውን ሌላው ይደፍነዋል፤ ዕቅዶች ይናበቡ ይባላል። ከ«አነበበ» የወጣ ሲሆን አንዱ ሌላውን ማንበቡን፣ ያም ደግሞ በተራው ማንበቡን ያሳያል። ሁለቱ መሣሪያዎች የሚያደርጉት በትክክል ይህን ነው፤ አንዱ የሌላውን ዝርዝር ያነብባል፣ ልዩነቱን ያስተካክላል። አማርኛ እርስ በርስ የሚደረግ ነገርን በግሡ ቅርጽ ውስጥ ማስገባት ይችላል፤ ተዋወቁ፣ ተገናኙ፣ ተናበቡ። «ሲንክ አደረገ» ይህን ሁለትዮሽነት ፈጽሞ አያሳይም።

ቀጣዩ ፈተና ቃሉን ማያ ገጹ በሚፈልገው መልክ ሁሉ ማርባት ነው። ትእዛዙ «አናብብ» ይሆናል። ሥራው ሲካሄድ «እየተናበቡ ነው»፤ ሲያልቅ «ተናብበዋል»፤ ሲበላሽ «አልተናበቡም»። የሚያናብበው ፕሮግራም «ማናበቢያ» ነው፤ ከሌላው ጋር መሥራት የሚችል መሣሪያ «ተናባቢ» ነው። ሁሉም ይወጣሉ፤ አንዱም አይሰነካከልም። በዚህ ደረጃ ትእዛዙን ራሱን እንደገና ማየት ያስፈልጋል፤ «አናብብ» ለወንድ የሚባል ነው፤ ስልኩን የያዘችው ግን ሴት ልትሆን ትችላለች፤ «ያናብቡ» ሲባል ደግሞ አክብሮቱን ያገኛል፣ ጾታውም ይቀራል። አዝራሩ ጠባብ ከሆነ «ማናበብ» ብሎ ድርጊቱን በስሙ መጥራት ይቻላል። ይህ ለሁሉም ትእዛዛት የሚሠራ ምርጫ ነው፤ አንድ ፕሮግራም ውስጥ ግን አንዱን ይዞ እስከ መጨረሻው መሄድ ይገባል፤ አንዱ አዝራር «አስቀምጥ»፣ ሌላው «ይላኩ»፣ ሦስተኛው «መሰረዝ» ሲል ተጠቃሚው ማን እያናገረው እንደሆነ ግራ ይገባዋል።

ከዚያ ቦታው የተያዘ መሆኑ ይጣራል። በሰዋስው ትምህርት «አናባቢ» የድምፅ ዓይነት ነው፤ በግእዝ ሰዋስው ደግሞ «ተናባቢ» እንደ ቤተ መንግሥት የተጣመሩ ቃላት መጠሪያ ነው። ይህ ግጭት አለ፤ ነገር ግን ሰዋስውና ስልክ በአንድ ማያ ገጽ ላይ አይገናኙም። የፊደል ማስተማሪያ ወይም የቁልፍ ሰሌዳ ፕሮግራም ውስጥ ብቻ «አናባቢ» ሁለት ነገር ሊሆን ስለሚችል እዚያ «ማናበቢያ» ማለት ይሻላል። «አስምር» ላይ ከነበረው ግጭት ጋር ሲነጻጸር ይህ ቀላል ነው፤ ያኛው በየቀኑ የሚያጋጥም ነበር፤ ይህኛው አልፎ አልፎ ነው።

የመጨረሻው ፈተና ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ነው። ቃሉን ከነመሣሪያው ለማያውቁት ሰዎች፣ ለሱቅ ጠባቂ፣ ለመምህርት፣ ለጡረተኛ ይዞ መሄድና ምንም ሳያብራሩ «ስልኩና ኮምፒዩተሩ አልተናበቡም» ሲባል ምን የሆነ ይመስላችኋል ብሎ መጠየቅ ነው። መልሳቸው «የአንዱን ሌላው አላወቀም» ወደሚል የሚያመራ ከሆነ ቃሉ አልፏል። «ማንበብ አልቻለም፣ ተበላሽቷል ማለት ነው?» ካሉ ገና ነው፤ ያን ጊዜ ዓረፍተ ነገሩን ማስተካከል ወይም ሌላ ሥር መፈለግ ያስፈልጋል። «ትርጉሙን ታውቃላችሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ ሰው ለይሉኝታ አዎ ይላል።

ይህን ያህል የተደከመበት ቃል እንኳ ካልተደጋገመ ይሞታል። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የወጡት የፖለቲካ ቃላት ይህን ያስረዳሉ። ርዕዮተ ዓለም፣ ኅብረተሰባዊነት፣ ወዛደር የሚሉት ቃላት ከግእዝ ሥርና ከአማርኛ ጥምረት የተሠሩ ነበሩ፤ በሬዲዮ፣ በጋዜጣና በውይይት ክበብ ቀን ከሌት ስለተነገሩ ቀለም ያልቆጠረ ሰው ሳይቀር አወቃቸው። ሥርዓቱ ሲወድቅ ወዛደር ከንግግር ወጣ፤ ርዕዮተ ዓለም ግን የሚናገረው ነገር ስለቀጠለ እስከ ዛሬ አለ። የኮምፒዩተር ቃላት ያን የሚመስል መድረክ የላቸውም። አንዱ ድርጅት አንድ ቃል ይመርጣል፤ ሌላው ሌላ፤ መማሪያ መጽሐፉ ሦስተኛ ይጨምራል፤ ተማሪው ሦስቱንም ትቶ ወደ እንግሊዝኛው ይመለሳል።

ስለዚህ ለተርጓሚዎች፣ ለመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆችና መተግበሪያ ለሚሠሩ ወጣቶች የሚቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። የመረጣችሁትን ቃል ዝርዝር ደብቃችሁ አታስቀምጡ፤ ከነምክንያቱ፣ ከነአጻጻፉ፣ ከነእርባታው አውጡት፤ ሌላው እንዲነቅፈውና እንዲጠቀምበት። አንድ ቃል በስም መልኩ አምሮ ቢታያችሁም ግሡን በአሉታና በተደራጊ መልኩ ሳታረቡት አትቀበሉት። የቃላቱ ባለቤት ለሆነው አንባቢም እንዲሁ፤ በሚቀጥለው ጊዜ የስልክ ቁጥሮችዎ ስልክዎና ኮምፒዩተርዎ ላይ ተለያይተው ሲያገኟቸው «አልተናበቡም» ብለው ለቤተሰብዎ ይንገሩና ሳይጠየቁ ከተረዷቸው ቃሉን ይያዙት፤ ካልተረዷቸው የተሻለውን ይጻፉልን።